ለኦንላይን አስጠኚ እየከፈልን ልጁ ለምን አይለወጥም? (12ኛ ክፍል ሂሳብ)

የሳላይሽ_ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው፣ ናቹራል። ሂሳብ ይከብደዋል። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ አበባ ካለ አስጠኚ ጋር በኦንላይን ይማራል። በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ሰዓቱ 400 ብር። የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ከደመወዜ።

አስጠኚው ጎበዝ ነው፣ ይህን መካድ አልችልም። ሰዓት ያከብራል፣ አይቆጣም፣ ጥያቄ ሲሰራ እጁ አይቆምም። እኔ ራሴ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስሰማ ይገባኛል። ወንድሜም «ገባህ?» ሲባል «አዎ ቲቸር» ይላል። ደብተሩ ሞልቷል። ትምህርት ቤት ፈተና ሲመጣ ግን ውጤቱ ያው ነው።

የማማክራችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ሂሳብ ይሻሻልለት» ከማለት ሌላ ምን ብለን ዓላማ እንያዝ? ሁለተኛ፣ ከመጽሐፉ ይማር ወይስ ከድሮ ማትሪክ ጥያቄዎች? ሦስተኛ፣ ሲሳሳት በደንብ እንዲያርመው አስጠኚውን እንዴት ልንገረው? ሰውየውን ማስቀየም አልፈልግም።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

እህቴ ነገሩን አታካብጂው። መጽሐፉን ተዉት። ያለፉትን ዓመታት የማትሪክ ወረቀቶች ከቴሌግራም አውርዱና እነሱን ብቻ ይስራ። እኔ እንደዛ ነው ያለፍኩት። ፈተናው ምርጫ ነው፣ ፍጥነት ነው የሚፈልገው። አስጠኚው ሰዓት ይያዝለት፣ ልጁ ይስራ፣ በቃ። ሲሳሳት ደግሞ መልሱን ይንገረውና ወደ ቀጣዩ ይለፉ። ልጆች የሚሳሳቱት ስለሚቸኩሉ ነው እንጂ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም።

የአያት_ቡና (ወልድያ)

400 ብር! ኧረ በሞቴ። በወር ስንት ሆነ እሱ? የእኔዋ ልጅ ከአምስት ጓደኞቿ ጋር በቡድን ነው የምትማረው፣ በጣም ያነሰ ነው የምንከፍለው። ለውጥ አለ ብዬ ግን አልዋሽም። እኔም መልሱን ለመስማት ቁጭ ብያለሁ።

ጠመኔ (ሐይቅ)

ሂሳብ አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ በኦንላይን አስጠናለሁ። ስለዚህ ከአስጠኚው ወገን ሆኜም ነው የምናገረው።

እህቴ፣ ምክር ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ካለፈው ሳምንት ትምህርት አንድ ጥያቄ ምረጪ፣ አስጠኚው ሰርቶለት «ገባኝ» ያለውን። ደብተሩን ዝጊበት። ባዶ ወረቀት ስጪው። ሰዓት አትያዢ፣ አትቆጪ፣ አጠገቡም አትቀመጪ። ሲጨርስ የጻፈውን እንዳለ እዚህ አስፍሪልን፣ የሰረዘውንም ጭምር።

የሳላይሽ_ልጅ

እሺ ጋሼ። ዛሬ ማታ አሰራሁት። መብራት ስለነበረ ተመስገን። የጻፈው እንዲህ ነው፦

```
(x + 1)/(x − 2) ≥ 2
x + 1 ≥ 2(x − 2)
x + 1 ≥ 2x − 4
5 ≥ x
```

መልስ ብሎ ያከበበው x ≤ 5 ነው። ምንም አልሰረዘም፣ ቶሎ ነው የጨረሰው። ደብተሩ ላይ አስጠኚው የሰራለት መልስ ግን 2 < x ≤ 5 ይላል። ለእኔ ተመሳሳይ መሰለኝ። 2 ከየት መጣች?

ጠመኔ (ሐይቅ)

አመሰግናለሁ። ይህ ወረቀት ከሞላው ደብተር ይልቅ ብዙ ነገር ነገረኝ።

ስህተቱ ያለው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ከዚያ በታች ያለው ስሌት ሁሉ ትክክል ነው፣ አንድም የመደመር ወይም የመቀነስ ስህተት የለበትም። ሁለተኛው መስመር ላይ ሁለቱንም ወገን በ x − 2 አባዛ። x − 2 ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ ግን አያውቅም። ኔጋቲቭ ከሆነ የ ≥ ምልክቱ መዞር ነበረበት።

ይህን ለማየት አንድ ቁጥር በቂ ነው። መልሱ x ≤ 5 ከሆነ ዜሮም ውስጡ አለች። ዜሮን አስገቢ፦ 1 ሲካፈል ለ −2 ይሆናል −0.5። −0.5 ከ2 ይበልጣል? አይበልጥም። እንግዲህ ዜሮ መልስ ልትሆን አትችልም። 2 ራሷም አትገባም፣ ታችኛውን ዜሮ ታደርገዋለች።

ትክክለኛው መንገድ 2ን ወደ ግራ አምጥቶ አንድ ክፍልፋይ ማድረግ ነው። (5 − x)/(x − 2) ≥ 0 ይሆናል። ከዚያ 2ን እና 5ን በቁጥር መስመር ላይ አስቀምጦ በየመሃሉ ምልክቱን ማየት ነው። አስጠኚው ደብተሩ ላይ የሰራው ይህንኑ ይመስለኛል።

አሁን አንድ ጥያቄ ጨምሪለት። −2x > 6 ን ይፍታ። ከዚያ «ለምን?» በይው።

የሳላይሽ_ልጅ

x < −3 አለኝ ወዲያው። ለምን ስለው «በኔጋቲቭ ስናካፍል ይዞራል፣ ሕጉ ነው» አለ።

ጠመኔ (ሐይቅ)

ይኸውልሽ! ሕጉን ያውቀዋል። −2 ብሎ ቁጥሩ በግልጽ ሲታየው ያዞረዋል። x − 2 ሲሆን ግን ኔጋቲቭነቱ ተደብቋል፣ ስለዚህ ሕጉ ትዝ አይለውም። የልጁ ችግር «ሂሳብ ይከብደዋል» የሚባል ሰፊ ነገር አይደለም። ምልክቱ በማይታወቅ ነገር ማባዛት እንደማይቻል አለማስተዋሉ ነው። ጥያቄው የ11ኛ ነው፣ ሥሩ ግን 9ኛ ክፍል ነው ያለው።

ቦርከና፣ ወንድሜ፣ መልሱን ነግሮ ማለፍ ያልከው እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። አስጠኚው «መልሱ 2 < x ≤ 5 ነው» ቢለው ልጁ ደብተሩን ያስተካክላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጥያቄ ላይ እንደገና በ x − 2 ያባዛል። ምርጫ ፈተና ላይ ደግሞ x ≤ 5 አማራጮቹ መሃል ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው የተሳሳቱትን አማራጮች ዝም ብሎ አይፈጥራቸውም፣ ተማሪ በብዛት ከሚሳሳተው ነው የሚያመጣቸው። ልጁ የራሱን መልስ ምርጫው ውስጥ ሲያገኝ ደስ ብሎት ያጠቁራል።

ቦርከና_ማዶ

ጋሼ እሱስ ልክ ነዎት። ግን ለእያንዳንዱ ስህተት እንዲህ ሥር ከተቆፈረ ሰኔ ይደርሳል እኮ። ግማሹ ስህተት ችኮላ መሆኑንም አይካዱኝ።

ጠመኔ (ሐይቅ)

አልክድም። ችኮላ አለ። ግን መለየት ይቻላል። የተሳሳተበትን ጥያቄ ምንም ሳትናገር፣ ሳታከብብ፣ ያለ ሰዓት መልሰህ ስጠው። ራሱ አግኝቶ ካስተካከለ ችኮላ ነው፣ እዚያ ላይ የሰዓት ልምምድህ ይሰራል። ያንኑ ስህተት ደግሞ ከጻፈ ግን ችኮላ አይደለም። ይህ ልጅ ያለ ሰዓት ነው የሰራው፣ ያውም ምንም ሳይሰርዝ። ስለዚህ ሰዓት ብትይዝለት የሚለወጠው ስህተቱን በፍጥነት መድገሙ ብቻ ነው።

አስጎብኚው_ላስታ (ላሊበላ)

ሰላም ቤተሰብ። እኔም በኦንላይን ከፍዬ ቋንቋ እማራለሁ፣ ልምዴን ላካፍል። ለወንድምሽ የምመክረው አስተማሪው በየቃሉ እንዳያቋርጠው ነው። እኔ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ማስጎብኘት ስጀምር የድሮዋ አስተማሪዬ በየዓረፍተ ነገሩ «ስቶፕ» እያለች ታርመኝ ነበር። አፌ ተያዘ። አሁን ያለችው ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብላ ትሰማኛለች፣ ትጽፋለች፣ ከዚያ ደጋግሜ የተሳሳትኩትን ሁለት ነገር ብቻ ትነግረኛለች። ያንኑ ገለጻ እንደገና ከመጀመሪያው አደርገዋለሁ። ማቴሪያልም ከመጽሐፍ አይደለም፣ ቱሪስት በትክክል የሚጠይቀኝን ጥያቄ ጽፌ እሰጣታለሁ። ወንድምሽም መናገር ይለማመድ፣ ግራመሩ ይደርስበታል።

የሳላይሽ_ልጅ

ወንድሜ አስጎብኚው፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ትምህርቱ ሂሳብ ነው። 😄

አስጎብኚው_ላስታ

ወይ ጉድ። ርዕሱን ሳላነብ «ማረም» የሚለውን ብቻ አይቼ ዘው አልኩ። ይቅርታ።

ጠመኔ (ሐይቅ)

አይ፣ ደህና ነገር ነው ያመጣኸው። ያንኑ ገለጻ ከመጀመሪያው እንደገና ማድረግህ ለሂሳብም ይሆናል። ከታረመ በኋላ ተማሪው ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ብቻውን ካልጻፈው እርማቱ አልደረሰውም ማለት ነው። ዝም ብሎ መጠበቁ ላይም እስማማለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሦስቱን ለየብቻ አልመልሳቸውም፣ አንዱ አንዱን ስለሚመራው።

ዓላማውን ከዚህ ወረቀት አውጡት። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ታችኛው ክፍል x ያለበት ኢኒኳሊቲ ሲሰጠው ደብተር ሳያይ ይፈታዋል፣ መልሱንም አንድ ቁጥር አስገብቶ ያረጋግጣል» በሉት። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ አይቷቸው የማያውቅ አምስት ጥያቄ ስጡት። አራቱን ካገኘ ወደ ሌላ ርዕስ ይሂዱ። ካላገኘ አይሂዱ። «ሂሳብ ይሻሻል» ለሚባል ዓላማ መቼ እንደደረሱ ማንም አያውቅም፣ አስጠኚውም ጭምር። ለዚህ ነው ምዕራፍ እየጨረሰ የሚሄደው። ከፋይ የሚጠይቀው «ስንተኛው ምዕራፍ ደረሳችሁ?» ብሎ ስለሆነ እሱም ያንን ያስደስታል።

ማቴሪያል ላይ ቦርከና ግማሹን ልክ ነው። የድሮ ማትሪክ ቀዳዳውን ለማግኘት የሚወዳደረው የለም። አንድ ወረቀት ይስራ፣ የተሳሳተባቸውን በርዕስ ይለዩ። ቀዳዳውን ለመድፈን ግን መጽሐፉ ያስፈልጋል፣ እሱም የ12ኛው ላይሆን ይችላል። ለዚህ ልጅ የ9ኛ ክፍል ኢኒኳሊቲ መልመጃ ነው የሚሻለው። ትንሽ ያፍርበት ይሆናል፣ ንገሩት። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በቴሌግራም የሚዞረው የመልስ ቁልፍ አንዳንዴ የተሳሳተ ነው፣ ሳይሰሩ አይመኑት። ደግሞም ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ የቆየ ወረቀት ላይ ያለ ጥያቄ በአሁኑ መጽሐፍ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ያንን አስጠኚው ቀድሞ ይለይላችሁ። ከቅርብ ዓመታት ወረቀት አንዱን ደግሞ ማንም እንዳይነካው ደብቂው፣ መጨረሻ ላይ እንደ እውነተኛ ፈተና የሚሰራበት።

እርማቱ ነው ዋናው። ከክፍሉ በፊት ይጀምር። ወንድምሽ ጥያቄዎቹን ብቻውን ሰርቶ፣ የሚችለውንም የማይችለውንም፣ ፎቶ አንስቶ ከአንድ ቀን በፊት ይላክ። አስጠኚው የመጀመሪያውን የተሳሳተ መስመር ብቻ ያክብብ። ቴሌግራም ላይ ፎቶው ላይ በጣት መሳል ይቻላል። ትክክለኛውን አይጻፍለት። ክፍሉ ሲጀመር ልጁ ያ መስመር ምን እንደሆነበት ይናገር። 400 ብሩ መከፈል ያለበት ለዚያ ደቂቃ ነው።

የሳላይሽ_ልጅ

ጋሼ አላህ ይስጥልን። ግን እኔ ሂሳብ አስተማሪ አይደለሁም፣ ለሰውየው «እንዲህ አድርግ» ብዬ እንዴት ልንገረው? ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው ቢለኝስ?

ጠመኔ (ሐይቅ)

አንቺ አትንገሪው። ልጁ ራሱ ይጻፍለት። ከተማሪ ሲመጣ ትዕዛዝ አይመስልም። እንዲህ ብሎ፦

«ሰላም ቲቸር፣ እንደምን ዋሉ? ሲያስረዱኝ ይገባኛል፣ ብቻዬን ስሰራ ግን ይጠፋብኛል። ስለዚህ ለሐሙስ አምስት ጥያቄ ሞክሬ እልካለሁ። እባክዎ መልሱን ሳይነግሩኝ መጀመሪያ የተሳሳትኩበትን መስመር ብቻ ያክብቡልኝ። ክፍል ላይ ለምን እንደተሳሳትኩ እኔ ልሞክር፣ ካቃተኝ ያግዙኝ። ክፍሉን ስንጀምር ደግሞ ባለፈው ከተሳሳትኳቸው ሁለቱን ቁጥር ቀይረው ይጠይቁኝ።»

እኔ እንዲህ ያለ መልእክት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል፣ ሥራዬንም ያቀልልኛል። ምን እንደማስተምር ሳላውቅ ከመግባት ያድነኛል። የሚከፋው አስጠኚ ካለ ግን እሱ ራሱ መረጃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ገባህ?» የሚለው ጥያቄ ከክፍሉ ይውጣ። በእኛ አገር ልጅ ታላቁን «አልገባኝም» አይለውም፣ በተለይ በተከፈለ ሰዓት። በምትኩ «ቀጣዩን መስመር አንተ በለኝ» ይበለው።

ሙመድ_12 (መርሳ)

እኔም የ12ኛ ተማሪ ነኝ። ጋሼ ያሉት «መጀመሪያ የተሳሳትኩበት መስመር» የሚለው እኔ ላይ አልሰራም። ሁሉም መስመሬ ትክክል ሆኖ መልሴ ስህተት ነበር። log x + log(x − 3) = 1 ነው ጥያቄው። x² − 3x − 10 = 0 አደረስኩት፣ 5 እና −2 አገኘሁ። አስጠኚዬ ምንም መስመር ማክበብ አልቻለም። «መልሱ 5 ብቻ ነው» አለኝና አለፈ።

ጠመኔ (ሐይቅ)

ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያንተ ስህተት ያልጻፍከው መስመር ነው። log x እንዲኖር x ከዜሮ መብለጥ አለበት፣ log(x − 3) እንዲኖር ደግሞ ከ3። ይህን ከጥያቄው ሥር መጀመሪያ ብትጽፈው ኖሮ −2 ስትመጣ ራስህ ታባርራት ነበር። አስጠኚህ ባዶ ቦታ ላይ ምልክት አድርጎ «እዚህ የጎደለ መስመር አለ» ሊልህ ይችል ነበር። እንደዚያ ብለህ ጠይቀው።

ሙመድ_12

ወላሂ ገባኝ። ማለቴ፣ ነገ ሌላ ሰርቼ እልክልዎታለሁ። 😅

የአያት_ቡና (ወልድያ)

ይህ ሁሉ ለአንድ ለአንድ ነው እንጂ ለቡድንም ይሆናል? ስድስት ልጅ ፎቶ ቢልክ አስጠኚው መቼ አይቶ ይጨርሳል? በዋጋው ደግሞ አይሆንም ይለኛል።

ቦርከና_ማዶ

እትዬ፣ ልጆቹ እርስ በርስ ይተራረሙ። አንዷ የሌላዋን ወረቀት ይዛ የመጀመሪያውን ስህተት ትፈልግ። አስጠኚው የሚገባው ሲጣሉ ብቻ ነው።

ጠመኔ (ሐይቅ)

ቦርከና ይህን ከእኔ በላይ አሰብከው። ይሞከር። አንድ ስጋት ብቻ አለኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ካላቸው ትክክል ነው ብለው ይስማማሉ፣ እና በ x − 2 ማባዛት በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ ተስማምተው ያለፉትንም አስጠኚው አልፎ አልፎ መዝዞ ይይ።

የሳላይሽ_ልጅ

ከሁለት ሳምንት በላይ ሆነኝ፣ ተመልሼ መጥቻለሁ።

መልእክቱን ልጁ ራሱ ጽፎ ላከ። አስጠኚው አልተቀየመም። «በጣም ጥሩ፣ ይሁን» አለ። የመጀመሪያው ቀን ግን ፎቶው ላይ አክብቦ ከጎኑ ሙሉውን መልስ ጻፈለት። ልማድ ነው መሰለኝ። ወንድሜ ድጋሚ በትህትና ነገረው፣ ከዚያ ወዲህ ማክበብ ብቻ ሆነ።

ኔትወርክ ሲያስቸግር ቪዲዮውን አጥፍተው በድምፅ ብቻ ያወራሉ፣ ወረቀቱን በፎቶ ይለዋወጣሉ። እንዲያውም ይሻላል አለኝ፣ አስጠኚው ሲጽፍ እያየ ከመገልበጥ አዳነኝ ብሎ። መስመሩ ሲቋረጥ የጠፋውን ደቂቃ በሚቀጥለው ክፍል ላይ ሊጨምሩ ተስማምተዋል። ይህን ቀድመን ባለመነጋገራችን በፊት ዝም ብሎ ይባክን ነበር።

አምስቱን ጥያቄዎች አሰራሁት። ሦስት አገኘ። አንዱን የሳተው በ x − 2 አባዝቶ አይደለም፣ በትክክል ጀምሮ ከዚያ ምልክቱን ሲያይ ተደናገረ። ሌላኛው ደግሞ (x − 3)/(x² + 1) < 0 የሚል ነበር። «ታችኛውን አላውቀውም» ብሎ ብዙ ደከመበት።

ችግሩ ግን ሌላ ነው። አስጠኚው ሲጠይቀው ወንድሜ ዝም ይላል። ብዙ ደቂቃ ዝም። አጠገባቸው ሆኜ ስሰማ ብሩ ሲፈስ ይታየኛል። እንዴት ላድርግ?

ጠመኔ (ሐይቅ)

ያ የመጨረሻው ጥያቄ የሚያስደስት ነው። x² + 1 ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ስለሆነ እዚያ ላይ ማባዛት ይችል ነበር፣ መልሱም x < 3 ነው። ልጁ «ታችኛው x ካለበት አይባዛም» የሚል አዲስ ሕግ ሸምድዷል። ከድሮው ይሻላል፣ ግን አሁንም ሽምደዳ ነው። የሚቀጥለው ክፍል በዚህ ይጀመር፦ «ይህኛው ምልክቱ ይታወቃል ወይስ አይታወቅም?» ሦስት ከአምስት ስለሆነ አንድ ሳምንት ጨምሩ፣ አትለፉ።

ዝምታውን በተመለከተ፣ ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው። እየሞከረ ዝም ካለ ብዕሩ ይንቀሳቀሳል፣ ተይው። ሁለት ደቂቃ አካባቢ ምንም ካልጻፈ ግን እየጠበቀ ነው፣ አስጠኚው እስኪነግረው። ያኔ መልስ ሳይሆን ጠባብ ጥያቄ ይጠይቀው። «x ዜሮ ቢሆን ታችኛው ስንት ነው?» ዓይነት።

የአያት_ቡና (ወልድያ)

እኔ በዚህ አልስማማም ጋሼ። ዝም ብሎ የሚያስበውን ቤቱ ያስብ። ከፍዬ ዝምታ አልገዛም። ቤት ያልቻለውን ብቻ ይዞ ይግባና ይነገረው።

ጠመኔ (ሐይቅ)

እትዬ፣ ቤት ሲያስብ የት ላይ እንደቆመ የሚያይለት የለም። ለዚያ ነው ሰው የሚከፈለው። ግን ሁሉንም ክፍል እንደዚያ ማድረግ አለበት አልልም። ፈተናው ሲቃረብ እኔም ቶሎ ቶሎ ነው የምናገረው።

የአያት_ቡና (ወልድያ)

እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ግን ብሩን ስቆጥር ያመኛል።

ቦርከና_ማዶ

ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ አለኝ። አስጠኚው ሰዓቱን ሁለት ግማሽ ሰዓት አድርጎ በሳምንት አራት ቀን ይስጠው። ብሩ ያው ነው። ዝምታው ወደ ቤት ይሄዳል፣ የቆመበትንም በማግስቱ ያሳየዋል።

ጠመኔ (ሐይቅ)

ልጁ በየቀኑ ሰርቶ የሚልክ ከሆነ ይሰራል። ሳይሰራ የሚገባ ከሆነ ግን ግማሹ ሰዓት ሰላምታና ኔትወርክ ፍለጋ ላይ ያልቃል።

የሳላይሽ_ልጅ

ለአስጠኚው አቅርቤለታለሁ። የቅዳሜው ሙሉ ሰዓት እንዳለ ሆኖ ከማክሰኞው ግማሹን ወደ ሐሙስ እንሞክር ብሏል። የደበቅኩት ወረቀት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ወንድሜ እየፈለገው ነው።

ሙመድ_12 (መርሳ)

የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? 👀

የሳላይሽ_ልጅ

አልናገርም።